ሐሙስ ኢንተርቪው አለኝ፤ «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉኝ በሁለት ደቂቃ ምን ልበል?

የአዘዞው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አካውንቲንግ የጨረስኩት እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። አሁን ፒያሳ አካባቢ አንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር ውስጥ ሒሳቡንም ስቶሩንም ይዤ እሠራለሁ፣ ዓመት ከምናምን ሆነኝ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሆቴል ለስቶርና ለወጪ ቁጥጥር ሥራ ጠርቶኛል። ሦስት ሰው ነው የሚቀመጠው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋና የሰው ሀብቷ። እዚያ የተፈተነ ልጅ እንደነገረኝ መክፈቻቸው ሁሌም «እስቲ ስለ ራስህ በአጭሩ ንገረን» ነው፤ ከሁለት ደቂቃ ካለፍክ ሥራ አስኪያጁ አቋርጦህ ወደ ሌላ ጥያቄ ይሄዳል።

ያዘጋጀሁት ይኸው፦

«ስሜ እገሌ ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ አዘዞ ነው። ለቤተሰቤ ሦስተኛ ልጅ ነኝ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እዚያው ተከታትዬ ጥሩ ውጤት በማምጣት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመረቅሁ። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ በተለያዩ ክበቦች ተሳትፌያለሁ። ከተመረቅሁ በኋላ በአንድ መደብር በተለያዩ የሥራ ዘርፎች በመሥራት በቂ ልምድ አካብቻለሁ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምወድና ጫናን የምቋቋም ሰው ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ መጽሐፍ አነባለሁ፣ ኳስ አያለሁ። ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።»

በስልክ ሰዓት ያዝኩበት፤ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። በጊዜ በኩል ደህና ነኝ። ግን ራሴ ስሰማው የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ምኑ ላይ ነው?

ሸምዳጁ

ምንም አይጎድለውም። አንተ የሚጎድልህ ልምምድ ነው። ቃል በቃል ሸምድደው፣ መስታወት ፊት ቆመህ በለው፣ እንደ ውዳሴ ማርያም ከአፍህ እስኪፈስ ድረስ። ኢንተርቪው ላይ የሚጥለው ፍርሃት ነው፣ የሸመደደ ደግሞ አይፈራም። እኔ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሸምድጄ ነው የገባሁት፣ ሁለት ቦታ አልፌያለሁ።

ቆላድባ ነርስ

ወንድሜ ይቅርታ፣ በአንተ ክር ላይ የራሴን ላስገባ። እኔ ነርስ ነኝ። ልጅ ወልጄ፣ ከዚያም መንገዱም ጸጥታውም አላመች ብሎኝ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። አንድ የግል ክሊኒክ ጠርቶኝ ሄድኩና «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ቤተሰብ ሁኔታ የጠየቁኝ መሰለኝ፣ ስለ ባለቤቴና ስለ ልጄ ማውራት ጀመርኩ። ሐኪሙ በጨዋ ደንብ ሰማኝ። መርፌና መድኃኒት ላይ ግን ሳንደርስ ጊዜው አለቀ። እና እኔስ ከዚያ ክፍተት እንዴት ነው የምጀምረው?

ማራኪ ቅጥር ክፍል

ሰው ቅጥር ላይ ረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፣ ሆቴልም ነበርኩ። ከአዘዞው ልጅ ልጀምር፣ እህቴ ወደ አንቺም እመጣለሁ።

ጊዜው ላይ ችግር የለብህም ብለሃል፤ ልክ ነህ። ችግሩ ከዚያ 50 ሰከንድ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ምን ያህሉ ነው የሚለው ነው። እስቲ ከፈታኙ ወንበር ሆነህ ስማው። ፈታኞቹ ፊት ሲቪህ አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ሲቪህን የሚያነበው አንተ እያወራህ ነው። ስለዚህ ያ ጥያቄ ለነሱም ማሟሟቂያ ነው፤ አንተ ከምትናገረው ውስጥ አንድ ነገር ይዘው ሁለተኛውን ጥያቄ ከዚያ ላይ ያወጡታል። አንተ ደግሞ የሚያዝ ነገር አልሰጠሃቸውም። «በተለያዩ የሥራ ዘርፎች» ብለህ ስትል የፋይናንስ ኃላፊዋ ምን ብላ ትጻፍ? «ታታሪ፣ ታማኝ» የሚለውን ከአንተ በፊት የገባውም ብሏል፣ ከአንተ በኋላ የሚገባውም ይለዋል።

ሌላው ቅደም ተከተሉ ነው። ከትውልድ ጀምረህ ወደ ዛሬ ከመጣህ፣ የሚፈልጉት ነገር ሁሌም መጨረሻ ላይ ይውላል። ቤትህ ስትለማመድ 50 ሰከንድ ነው፤ እዚያ ገብተህ ስትደናገጥ ግን የሚረዝመው የመጀመሪያው ክፍል ነው፣ ምክንያቱም ስለ አዘዞና ስለ ትምህርት ቤትህ ማውራት ቀላል ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲያቋርጥህ ገና ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ትሆናለህ። ገልብጠው። ከዛሬ ጀምር፤ የት፣ ምን ትሠራለህ። ከዚያ እጅህ ላይ ያለፈ አንድ ሥራ፣ አንድ ብቻ። ከዚያ ይህን ቦታ ለምን ፈለግኸው። ትምህርትህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፣ የትም ብታስገባው ግድ የለም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚያ መደብር አንተ ባትኖር የማይሆን ምን ሆነ?

የአዘዞው ልጅ

እትዬ አመሰግናለሁ። እውነት ለመናገር ትልቅ ነገር የለም። አንድ ያለው የቀለም ጉዳይ ነው። የዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርዱ ላይ ያለውና መደርደሪያው ላይ የሚቆጠረው አይገናኝም ነበር። በተለይ ቀለም፣ ምስማርና የኤሌክትሪክ ገመድ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ ኮንትራክተሮች ጠዋት ልጅ ይልካሉ፣ ባለቤቱ ስለሚያውቃቸው ዕቃው ይጫናል፣ የወጪ ወረቀቱ ማታ ነው የሚቆረጠው። ማታ ደግሞ ይረሳል፣ ወይ ቁጥሩ ይሳሳታል። እኔ በሩ ላይ ደብተር አስቀመጥኩ፣ ሳይፈርም የሚጭን የለም። ሌላ ደግሞ ቆጠራ በዓመት አንዴ ነበር፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቶሎ ቶሎ የሚሸጡትን አሥር ዕቃዎች ብቻ እቆጥራለሁ። ድሮ በወር ስድስት ሰባት ጋሎን ቀለም ይጎድል ነበር፣ አሁን አንድ ቢጎድል ነው። ግን ይሄ ለሆቴል ምን ይጠቅመዋል? እነሱ ቀለም አይሸጡ።

ማራኪ ቅጥር ክፍል

ኧረ አንተ ልጅ! ይሄን ይዘህ ነው «በቡድን መሥራት እወዳለሁ» የምትለው?

የሆቴል ስቶር ሰው ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠራ አስብ። ሥጋ፣ ዘይት፣ ቢራ፣ ሳሙና ይገባል፤ ከግዢ ትዕዛዙ ጋር አመሳክሮ፣ መዝኖ ይረከባል። ከዚያ ኩሽናውና ባሩ በመጠየቂያ ወረቀት ያወጣሉ። በወሩ መጨረሻ ይቆጠራል፣ ልዩነቱ ይታያል። ልዩነቱ ከየት ይመጣል ብለህ ታስባለህ? ሼፉ እንግዳ ተደራርቦበት «አሁን ዘይቱን ስጠኝ፣ ወረቀቱን በኋላ» ይላል። ያው የአንተ ኮንትራክተር ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ይህን ችግር በየወሩ ታየዋለች፤ ስለ ቀለሙ ስታወራ እሷ የምትሰማው ስለ ዘይት ነው። አንተ ግን ግንኙነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገራት፣ ራሷ ታገኘዋለች ብለህ አትተወው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። የመጀመሪያው፣ «ዕቃ ይሰረቅ ነበር» እንዳትል። አልተሰረቀም ማለቴ አይደለም፣ አላውቅም። ነገር ግን ያለህበትን ቤት የሚያማ ሰው ነገ የእኛንም ያማል ይባላል። «ከወረቀቱ በፊት ዕቃው ይወጣ ነበር» በቂ ነው፣ እውነትም እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ቁጥሩን ስትጠራ «እንዴት አወቅህ?» ለሚለው መልስ ይኑርህ። ቢን ካርድና የቅዳሜ ቆጠራ አለህ፣ ደህና ነህ። ብር ግን አትጥቀስ፣ በብር ካላሰላኸው።

ሸምዳጁ

እሺ ይዘቱ ይቀየር። ግን ካልሸመደደው እዚያ ገብቶ ያንን ሁሉ ቢን ካርድ ምናምን ይቀላቅለዋል። መሸምደዱ ላይ አልተስማማሁም።

ፓነል ወንበር

ሸምዳጁ ግማሽ ልክ ነው። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ኮሚቴ ላይ እቀመጣለሁ። የሸመደደ ሰው ከበር ያስታውቃል፤ ፍጥነቱ ከሰላምታው ይለያል፣ ዓይኑ ጣሪያ ላይ ይሄዳል፣ ደግሞ መሃል ላይ አንድ ነገር ስትጠይቀው መልሶ ከ«ስሜ እገሌ ይባላል» ይጀምራል። ግን ምንም ሳይዝ የሚገባም አለ፣ እሱም «እ… እ…» ሲል ሰው ያሳዝናል። እኔ የምለው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻውን ሸምድድ። መሃሉን በሦስት ቃል ያዘው፦ ደብተር፣ ቅዳሜ፣ ዘይት። ጓደኛህ መሃል ላይ ድንገት «ስንት ጋሎን?» ብሎ ያቋርጥህ። መልሰህ ካቆምክበት ከቀጠልክ ገብቶሃል፣ ወደ መጀመሪያው ከተመለስክ ሸምድደሃል።

ነገር ግን እትዬ ማራኪ፣ ስሙንና የትውልድ ቦታውን አውጣ በሚለው አልስማማም። እኛ ጋ ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል፣ የነጥብ ቅጽ አለን፣ ሰዎቹም ትልልቆች ናቸው። ከስሙ ጀምሮ በሥርዓት የሚናገር ልጅ የተከበረ ይመስላቸዋል። ስሙን ሳይል «እኔ አሁን የምሠራው» ብሎ የሚጀምር ለአንዳንዱ ድፍረት ነው።

ማራኪ ቅጥር ክፍል

ስሙን አውጣ አላልኩም፣ ስም ሦስት ሰከንድ ነው፣ ይበል። የትውልድ ቦታ፣ ሃይማኖት፣ ትዳር ግን ይቅር። ሥራውን አይነኩም። በዚህ ዘመን ደግሞ እንደ ፈታኙ ሌላ ሐሳብ ይዘው ይመጣሉ፣ ወደ በጎም ወደ ክፉም። ያንን በር ለምን ራሱ ይከፍታል?

አራዳ

ጎንደሬነቱን ቢደብቅስ አነጋገሩ ይናገር የለ እንዴ 😄

ፓነል ወንበር

እንደ አራዳ ቀልድ ሳይሆን፣ ለዚህ ሥራ አካባቢውን ማወቁ ሊጠቅመው ይችላል ባይ ነኝ። ሆቴል ነው። ለጥምቀት ሰሞን ከተማው ሲሞላ ዕቃ ከየት እንደሚገኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ዋጋው እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ልጅ ለስቶር ጥሩ ነው። «አዘዞ ተወለድኩ» ብቻውን ባዶ ነው። «እዚሁ ስላደግሁ ገበያውን አውቃለሁ» ግን ሥራ ነው።

ማራኪ ቅጥር ክፍል

ገበያውን በእውነት ካወቀ። የሕንፃ ዕቃ አቅራቢ የሚያውቅ ልጅ የሽንኩርት ዋጋ ያውቃል ማለት አይደለም፤ ሼፉ እዚያ ከተቀመጠ በአንድ ጥያቄ ያጋልጠዋል።

ነርሷ፣ አንቺን አልረሳሁሽም። በክፍተቱ አትጀምሪ፣ ግን አትደብቂው። የሙያ ፈቃድሽን አድሰሻል? ከቤት በፊት የት ክፍል ነበርሽ?

ቆላድባ ነርስ

አድሻለሁ፣ ባለፈው መስከረም። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት፣ በብዛት ድንገተኛና የሕፃናት ክትባት።

ማራኪ ቅጥር ክፍል

በቃ ይኸው መጀመሪያሽ። «ነርስ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ድንገተኛ ክፍልና ሕፃናት ክትባት ላይ ሠርቻለሁ። ሁለት ዓመት ልጄን ለማሳደግ ከሥራ ወጥቼ ነበር፤ የሙያ ፈቃዴን አድሼ አሁን ለሙሉ ጊዜ ሥራ ዝግጁ ነኝ።» ክፍተቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከበስተኋላው ወዲያው ፈቃዱ ይመጣል። ይቅርታ የሚጠይቅ ድምፅ አያስፈልገውም። ከዚያ ድንገተኛ ላይ ያጋጠመሽን አንድ ነገር ንገሪያቸው፣ የታካሚ ስም ሳትጠሪ። ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ከጠየቁሽ መልሺ፣ ካልጠየቁሽ ተይው።

የአዘዞው ልጅ

እሺ እንደገና ጻፍኩት። እዩልኝ፦

«ስሜ እገሌ ይባላል። አሁን በአንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር ሒሳብና ስቶር እሠራለሁ፤ በፒችትሪ መመዝገብ፣ ዕቃ መረከብና ማውጣት፣ ቆጠራ የእኔ ሥራ ነው። ወደ መደብሩ ስገባ ቢን ካርዱና መደርደሪያው አይገናኙም ነበር። ለምሳሌ ቀለም አለ፣ የውሃ ቀለምና የዘይት ቀለም፣ አራት ሊትር የሚይዝ ጋሎን አለ፣ ትልቅ ባልዲ አለ፣ ኮንትራክተሮቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከደባርቅ፣ አንዳንዶቹ ከመተማ ነው የሚመጡት፣ ጠዋት በአይሱዙ ይመጣሉ፣ መጀመሪያ ባለቤቱ በስልክ ያወራቸዋል፣ ከዚያ ልጆቹ ይጭናሉ…»

እዚህ ላይ ስደርስ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ገና ደብተሩ ላይ አልደረስኩም።

ፓነል ወንበር

አሁን ደግሞ ቀለም ልትሸጥልን ነው። ቀድሞ ሕይወት ታሪክህ የያዘውን ቦታ አሁን ቀለሙ ያዘው። አንድ ዘዴ ልስጥህ፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህን ባይሰሙ ቀጣዩ ይገባቸዋል?» ብለህ ጠይቅ። ደባርቅና መተማን ባይሰሙ ደብተሩ ይገባቸዋል። አውጣው። ጠዋት ተጭኖ ማታ ወረቀት እንደሚቆረጥ ባይሰሙ ግን ደብተሩ አይገባቸውም። እሱ ይቆይ። ከፈለጉ ይጠይቁሃል፣ ያኔ አይሱዙውንም አምጣው።

ማራኪ ቅጥር ክፍል

ትክክል። በጽሑፍ ልክ ልንገርህ፦ ረጋ ብሎ ለሚናገር ሰው በአማርኛ 130 ወይም 140 ቃል ከደቂቃ ተኩል ብዙ አይርቅም። የእኛ ቃል ረጅም ነው፣ ከእንግሊዝኛው በቁጥር ያነሰ ነው የሚይዘው። ሁለት ደቂቃ አትሙላ፣ ትንሽ ይትረፍህ፤ መሃል ላይ በር ሲንኳኳ ወይ ስልክ ሲጮህ የምትበላው ያስፈልግሃል። ስለ ዛሬው ሥራህ 20 ሰከንድ፣ ስለ ደብተሩና ስለ ቅዳሜ ቆጠራው 40፣ ስለ ሆቴሉ 20። እንደ ሕግ አትያዘው፣ ግን ሚዛኑ እንዲህ ነው።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ዝም በል። ብዙ ሰው ጥሩ ተናግሮ ይጨርስና ሦስቱ እየጻፉ ዝም ሲሉ ይጨነቃል፣ «እና ያው… ሌላ ደግሞ… ኳስም እወዳለሁ» ይላል። ዝምታው የእነሱ ነው፣ እነሱ ይስበሩት።

ሸምዳጁ

በእንግሊዝኛ ቢጠይቁትስ? የፋይናንስ ሰዎች ይወዳሉ።

ፓነል ወንበር

በጠየቁት ቋንቋ ይመልስ። በእንግሊዝኛው ግን ያጠረውን ያዘጋጅ፣ ያንኑ ሦስት ነገር። አማርኛውን ቁጭ ብሎ ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞር ሰው መሃል ላይ ይጠፋበታል።

የአዘዞው ልጅ

ሦስተኛው ይኸው። ረጋ ብዬ ስናገረው ደቂቃ ከአሥር ገደማ ነው፦

«ስሜ እገሌ ይባላል። በአንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር ሒሳብና ስቶር ይዤ እሠራለሁ፤ ዕቃ መረከብ፣ ማውጣት፣ በፒችትሪ መመዝገብና መቁጠር የእኔ ኃላፊነት ነው። አካውንቲንግ የተማርኩት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሥራውን ስጀምር ካርዱና መደርደሪያው አይገናኙም ነበር። ዕቃው ጠዋት ይጫናል፣ ወረቀቱ ማታ ይቆረጣል። ስለዚህ በሩ ላይ የመፈረሚያ ደብተር አስቀመጥኩ፣ ሳይፈርም የሚጭን እንዳይኖር ከባለቤቱ ጋር ተስማማን። ቆጠራውንም በዓመት አንዴ ከመጠበቅ፣ ቶሎ የሚሸጡትን አሥር ዕቃዎች ቅዳሜ ቅዳሜ መቁጠር ጀመርኩ። ቀለም ላይ በወር ስድስት ሰባት ጋሎን ይጎድል የነበረው አሁን ከአንድ አያልፍም።

ይህን ቦታ የፈለግሁት በሆቴል ስቶርም ችግሩ ተመሳሳይ ሊሆን እንደሚችል ስለማስብ ነው፤ ኩሽናውና ባሩ ሲጣደፉ ወረቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል። የምግብ ዕቃ ግን ይበላሻል፣ ሚዛንም አለው፤ ያንን መማር እፈልጋለሁ።»

ቆላድባ ነርስ

እኔ ብሆን እቀጥርህ ነበር። «ይበላሻል» ያልከው ደስ ይላል፣ የማታውቀውን ሳትደብቅ ነው የተናገርከው።

ፓነል ወንበር

እኔ ግን «መማር እፈልጋለሁ» ላይ ባይጨርስ እመርጣለሁ። ሊያስተምሩት አይደለም የሚቀጥሩት። ቢያንስ ቦታ አቀያይረው፤ መማሩን አስቀድም፣ በወረቀቱ ጨርስ።

ማራኪ ቅጥር ክፍል

እዚህ ላይ እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ። ለሥራ አስኪያጁ ያንተ ይሻል ይሆናል፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ግን የምግብ ዕቃ ከቀለም እንደሚለይ ያወቀ ልጅ ትወዳለች። ራሱ ይምረጥ።

አንድ የቀረ ነገር። ስድስት ሰባት ጋሎን ያልከውን ባለቤቱ ቢደወልለት እንደዚያው ይላል?

የአዘዞው ልጅ

ቁጥሩን ያውቃል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አሳየዋለሁ። ኢንተርቪው እንዳለኝ ግን አያውቅም።

ማራኪ ቅጥር ክፍል

እንግዲያው ስልኩን ሲጠይቁህ «እስክትወስኑ ባይደወልለት ደስ ይለኛል» በላቸው። የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየምህም። በሁለቱ ደቂቃ ውስጥ ግን አታስገባው። «ለምን ትለቃለህ» የሚለውንም እንደዚሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ መምጣቱ አይቀርም። ዛሬ ማታ ሁለት መስመር ጻፍና እዚሁ ለጥፈው።